ስለ በርበሬ የሚያወሩ ሁለት ሰዎች

የሩሲያዊው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ የመጨረሻ ተውኔት «የቼሪ አትክልት ስፍራ» ነው። ሞስኮ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1904 መባቻ ሲሆን ደራሲው በዚያው ዓመት ክረምት ላይ አረፈ። በአራተኛው ገቢር ውስጥ ሁለት ገጽ እንኳ የማትሞላ ትዕይንት አለች። ሎፓኺን የሚባል ነጋዴ አለ፤ አባቱና አያቱ በዚያ ርስት ላይ እንደ ባሪያ የኖሩ፣ እሱ ግን ርስቱን በጨረታ ገዝቶ ጌታ የሆነ ሰው ነው። ቫርያ ደግሞ የቀድሞዋ ባለርስት የማደጎ ልጅ ናት። ሁለቱ እንደሚጋቡ የቤቱ ሰው ሁሉ ከተስማማ ቆይቷል፤ የቀረው እሱ አፉን ከፍቶ እንዲጠይቃት ብቻ ነው። ዕቃው ታስሯል፣ ባቡሩ ሊደርስ ነው፣ ሁለቱም በየፊናቸው ሊሄዱ ነው።

ቫርያ ወደ ክፍሉ ትገባና ከጓዙ መሐል አንድ ነገር የጠፋባት መስላ መፈለግ ትጀምራለች። እሱ ወዴት ለመሄድ እንዳሰበች ይጠይቃታል። አንድ ቤተሰብ ዘንድ ቤት አስተዳዳሪ ሆና ልትገባ መሆኑን ትነግረዋለች። እሱም ወደ ካርኮቭ እንደሚሄድ ይነግራታል። ከዚያ ወሬው ወደ አየሩ ይዞራል። አምና በዚህ ጊዜ በረዶ እንደነበረ፣ ዘንድሮ ግን ፀሐይ እንደሆነ፣ ቅዝቃዜው ብቻ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ገደማ እንደሚደርስ ያወራላታል። እሷ እንዳላየች፣ ደግሞም የቤቱ ቴርሞሜትር እንደተሰበረ ትመልሳለች። ዝም ይላሉ። ከውጭ አንድ ድምፅ ሎፓኺንን ይጠራዋል፤ እሱም ጥሪውን ከጥንት ጀምሮ ሲጠብቀው እንደኖረ ሁሉ ፈጥኖ ይወጣል። ቫርያ ወለሉ ላይ ትቀመጥና ታለቅሳለች።

በቃ፣ ትዕይንቷ ይቺው ናት። ስለ ፍቅርም ስለ ትዳርም አንድ ቃል አልተነገረባትም። ሆኖም ከመቶ ዓመት በላይ በየአገሩ ተዋንያን የሚለማመዷት፣ ጽሑፍ የሚማሩ ሰዎችም እየበለቱ የሚመረምሯት ትዕይንት ናት። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ምስጢሩ ያለው ስለ አየር በማውራቱ ይመስለዋል። ገጸ ባሕርያቱን አስቀምጦ ስለ ዝናብ፣ ስለ ታክሲ፣ ስለ ሻይ ያስወራቸውና አንባቢው ከሥሩ ያለውን ሐዘን እንዲያይለት ይጠብቃል። አንባቢው ግን የሚያየው ዝናብ፣ ታክሲና ሻይ ነው።

የተሰበረው ቴርሞሜትር ብቻውን ምንም አያደርግም። ኃይል የሰጠው ከትዕይንቷ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ የተደረገ አንድ ንግግር ነው። ባለርስቷ ሎፓኺንን ለብቻው ይዛ ስለ ቫርያ በግልጽ ትነግረዋለች፤ እሱም ይስማማል፤ እንዲያውም አሁኑኑ ነገሩን እንጨርሰው ይላል። ገና አምስት ደቂቃ ያህል ጊዜ አለ፤ ቫርያ እንድትመጣም ትጠራለች። ስለዚህ ቫርያ በበሩ ስትገባ ተመልካቹ ምን መባል እንዳለበት፣ ማን ሊለው እንደሚገባ፣ ስንት ጊዜ እንደቀረ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ በኋላ የሚነገረው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ካልተነገረው ጋር እየተመዘነ ይሰማል። ስለ ካርኮቭ የሚባለው ዓረፍተ ነገር ስለ ካርኮቭ ብቻ መሆኑ ያበቃል።

ስሜቱን የሚደብቅ ምልልስ የሚሠራው እንግዲህ ምልልሱ ውስጥ ሳይሆን ከምልልሱ በፊት ነው። አንባቢው የተደበቀውን ካላወቀ ወይም ቢያንስ ካልጠረጠረ መደበቁን ሊያይ አይችልም።

በዚህ ነጥብ ላይ እኛ አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች የራሳችን የሆነ አንድ ወጥመድ አለብን። በሰምና ወርቅ ያደገ ጆሮ አለን። ሁለት ትርጉም ያለው ንግግር ሲባል ወዲያው ወደ ቅኔው፣ ወደ ነገር አዋቂው ሽማግሌ ወይም ወደ ለቅሶ ቤቷ አልቃሽ እንሮጣለን፤ ገጸ ባሕርዮቻችንንም በተረትና ምሳሌ ማወጋጋት እንጀምራለን። ግን ሰምና ወርቅ የሚናገር ሰው ወርቁ እንዲገኝለት ይፈልጋል። አድማጩ ወርቁን ሲያገኝለት ይደሰታል፤ ካላገኘለት ይከፋዋል። ስሜቱን የሚደብቅ ሰው ፍላጎቱ ሌላ ነው። ቢደረስበት ያፍራል፣ ይክዳል፣ ተነሥቶ ይወጣል። «ያላቻ ጋብቻ» እያለች በተረት የምትወጋ አማት ስሜቷን አልደበቀችም፤ በጌጥ አድርጋ ተናገረችው እንጂ። ይህም ጥሩ ትዕይንት ሊሆን ይችላል፤ ግን የምናወራው ስለ እሱ አይደለም።

አሁን አንድ ትዕይንት ከባዶ እንሥራ።

አስካለ አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ታናሽ ወንድሟን ቢኒያምን በልጅነቱ ተቀብላ አሳደገችው፤ ትዳርም በዚያው አለፋት። አሁንም አብረው ይኖራሉ። ቢኒያም ሊያገባ ነው። ባለፈው እሑድ በአጎታቸው በጋሼ ተሰማ መሪነት ሽማግሌ ወደ ልጅቷ ቤት ሄዷል፤ ተፈቅዶለትም ተመልሷል። ለአስካለ ግን አልነገራትም። የሄዱት ከጋሼ ተሰማ ቤት ተነሥተው ነው። አስካለ ወሬውን ማክሰኞ ዕለት ከጎረቤት ሰማች። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ቢኒያም ሊነግራት ቆርጦ ወደ ቤት ይመጣል።

ከምልልሱ አንድም መስመር ሳልጽፍ በፊት በቁራጭ ወረቀት ላይ የማሰፍራቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ እያንዳንዳቸው በዚህች ሰዓት፣ በዚህ ግቢ ውስጥ፣ ከሌላው ምን እንደሚፈልጉ ነው። «ፍቅር ትፈልጋለች» ብሎ መጻፍ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። ቢኒያም የሚፈልገው ነገሩን ተናግሮ፣ «እንኳን ደስ ያለህ» ተብሎ፣ «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም» የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ መውጣት ነው። አስካለ የምትፈልገው እሷ ሳትጠይቀው እሱ ራሱ እንዲናገር ነው። ከጠየቀችው ለምናለች ማለት ነው። ትዕይንቱን የሚገፋው ይኸው ነው፤ እሷ አትጠይቅም፣ እሱ መጀመር አይችልም። ሁለተኛው፣ ማን ምን ያውቃል የሚለው ነው። እሷ ታውቃለች፤ እሱ ማወቋን አያውቅም። አንባቢው ሁለቱንም ያውቃል፤ ምክንያቱም በቀደመው ክፍል የጎረቤቷን ወሬ አብሮ ሰምቷል። ሦስተኛው እጃቸው የሚሠራው ሥራ ነው። አስካለ የዓመቱን በርበሬ ትቀነጥሳለች።

መጀመሪያ የሚመጣው ረቂቅ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን ፈራሁ።»

«እኔን ትፈራለህ? እናትህ ሆኜ ያሳደግኩህን?» አለች አስካለ በቅሬታ።

«ብቻሽን ትቀሪያለሽ ብዬ ስለተጨነቅኩ ነው።»

«እኔን ያሳዘነኝ ማግባትህ አይደለም፤ ከሰው መስማቴ ነው።»

ስሕተት የለበትም፤ አማርኛውም ደህና ነው። ችግሩ ሁለቱም የገዛ ልባቸውን አንብበው የጨረሱ መሆናቸው ነው። አስካለ የሚያምማትን በትክክል ለይታ፣ ከማያምማት ነጥላ ታስረዳለች። እንዲህ መናገር የሚችሉ ሰዎች ጠባቸው በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ለአንባቢውም የተተወለት ሥራ የለም። በተከታታይ ድራማዎቻችን ውስጥ ይህን የመሰለ ምልልስ የሚበዛው ጸሐፊው ተመልካቹ እንዳይጠፋበት ሲሰጋ ነው፤ ከዚያ ደግሞ በላዩ ላይ ሙዚቃ ይጨመርበታል።

ሁለተኛው ረቂቅ ይህ ነው። ቢኒያም ሲገባ አስካለ ግቢው ውስጥ ኬሻ አንጥፋ ተቀምጣለች።

«በሩ ክፍት ነበር እንዴ?»

«ክፍት ነው። እንዴት ዋልሽ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። በርጩማውን ሳበው፤ ፀሐዩ ላይ እንዳትቀመጥ።»

«ዘንድሮ አልበዛም?»

«ምኑ?»

«በርበሬው።»

«ሃያ ኪሎ ነው።»

«አምና ስድስት አልነበር?»

«ስድስት ነበር።»

«ታዲያ ለሁለት ሰው ሃያ ኪሎ ምን ያደርጋል?»

«እንግዳ አይጠፋም ብዬ ነው።»

ቢኒያም አንድ ዛላ አነሣና ቀንጥሶ ጣለው።

«እዚያ አይደለም። የተቀነጠሰው በዚህ በኩል ነው።»

«እሺ።»

«ምሳ በልተሃል?»

«በልቻለሁ። እትዬ።»

«አቤት።»

«ይሄን ሁሉ ብቻሽን አትድከሚበት። ስታዘጋጂው መኪና ይዘን መጥተን እናስፈጭልሻለን።»

የአስካለ እጅ አላቆመም።

«ቅዳሜ ወፍጮ ቤቱ ወረፋ ነው።»

«እሑድስ?»

«እሑድ አንተ ሥራ ይበዛብሃል።»

«ያለፈው እሑድ ነው የበዛብኝ።»

«አዎ።»

ቢኒያም ቀና አለ።

«ጋሼ ተሰማ መጥቶ ነበር እንዴ?»

«ጋሼ ተሰማ እዚህ ቤት ከመጣ ዓመቱ።»

አንድ ዛላ፣ ሌላ ዛላ፣ ደግሞ ሌላ ቀነጠሱ።

«ሃያው ይበቃል?» አለ ቢኒያም።

«ለስንት ሰው?»

«ሁለት መቶ ይሆናል ይላሉ።»

«አይበቃም። አምስት ኪሎ እጨምራለሁ። ያንን ጆንያ ወዲህ ሳበው።»

በዚህ ምልልስ ውስጥ «ሠርግ»፣ «ሽማግሌ»፣ «ሙሽራ»፣ «ቅሬታ» የሚሉ ቃላት የሉም። ነገር ግን ትዕይንቱ ሲጀመር ያልነበረ ነገር ሲያልቅ አለ፤ እሱ ነግሯታል፣ እሷም ሰምታዋለች። ጸሐፊው ይህን እንዴት እንዳመጣው ለማየት ከላይ ወደ ታች አብረን እንውረድ።

የበርበሬው ልክ የመጣው በአጋጣሚ አይደለም። የሽፋን ወሬ ሲመረጥ ሁለት ነገር ማሟላት አለበት። በዚያ ቤት፣ በዚያ ሰዓት በእርግጥ የሚወራ መሆን አለበት፤ ደግሞም ከተደበቀው ነገር ጋር አንድ ቦታ ላይ መንካት አለበት። ስለ አየር ቢያወሩ የመጀመሪያው ይሟላል፤ ሁለተኛው ግን የለም። በርበሬ የሚዘጋጀው በሰው ልክ ነው። ለሁለት ሰው ስድስት ኪሎ ለዓመት ከበቃ፣ ሃያ ኪሎ ስለ ቤቱ የሚናገረው አለ። ስለዚህ አስካለ «እንግዳ አይጠፋም» ስትል ውሸት አልተናገረችም፤ እውነቱንም አልነገረችውም። መደበቅ ለሚፈልግ ገጸ ባሕርይ የሚመቸው ይህ መካከለኛ ቦታ ነው። ውሸት ካስዋሸነው ኋላ ውሸቱን መፍታት ይጠበቅብናል፤ ያን ጊዜ ትዕይንቱ ሌላ መንገድ ይይዛል።

ቀጥሎ የቢኒያም «እናስፈጭልሻለን» አለ። ሊል የሚገባው «አስፈጭልሻለሁ» ነበር። አፉ አዳልጦት በብዙ ቁጥር ተናገረ፤ ከማን ጋር እንደሆነ ግን አልተናገረም። አማርኛ ግሡ ውስጥ ባለቤቱን ስለሚሸከም እንዲህ ያለው ማምለጥ በእኛ ቋንቋ ድምፅ ሳያሰማ ይደረጋል። ያልጠነቀቀ አንባቢ ያልፈዋል፤ አስካለ ግን አላለፈችውም። እዚህ ላይ «ማንና ማን?» ብትለው ኖሮ ያልኩት ሞተር ይጠፋ ነበር፤ ጠየቀች ማለት ነውና። ስለዚህ ጸሐፊው እጇ አለማቆሙን ብቻ ይነግረናል። ልብ በሉ፣ እጇ ቢያቆም ኖሮ የተለመደው ዓይነት መልእክት ይሆን ነበር፤ የሚደብቅ ሰው ግን በደነገጠበት ቅጽበት ሥራውን ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል።

የትዕይንቱ መዞሪያ «አዎ» የምትለዋ ናት። ቢኒያም ያለፈው እሑድ ሥራ እንደበዛበት ሲናገር፣ ነገሩን የማያውቅ ሰው መልስ «እንዴ፣ ምን ነበር?» ነው። አስካለ «አዎ» አለች፤ ስለዚህ ታውቃለች። ቢኒያም ወዲያው ማን ነገራት ብሎ ስለሚያስብ ስለ ጋሼ ተሰማ ይጠይቃል፤ በጥያቄውም ራሱን ያጋልጣል፤ ምክንያቱም የጋሼ ተሰማን ስም ያነሣው ሰው የለም። የእሷ መልስ ሁለት ሥራ ይሠራል። አጎትየው አለመምጣቱን ያስረዳል፤ ሽማግሌው ከዚያ ቤት ተነሥቶ ወደዚህ ቤት ብቅ አለማለቱንም ሳትል ትልለታለች። በመላው ትዕይንት ውስጥ ቁስሏ ወደ ላይ በጣም የቀረበው እዚህ ጋ ነው። ከዚህ በላይ ቢቀርብ ይፈነዳል።

እንግዲህ የሚደብቅ ምልልስ ታሪክ አለው። ታሪኩም ማን ምን እንዳወቀ መለዋወጡ ነው። በመጀመሪያ እሷ ብቻ ታውቃለች፤ በሃያ ኪሎው እሱ መጠርጠር ይጀምራል፤ በ«እናስፈጭልሻለን» እሷ ሊናገር መቃረቡን ትረዳለች፤ በ«አዎ» እሱ ማወቋን ያውቃል፤ በመጨረሻ ሁለቱም እንደሚያውቁ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ግን በርበሬውን አልለቀቁም። ረቂቃችሁን ስትመለከቱ እንዲህ ያለ ደረጃ ካጣችሁበት፣ ገጸ ባሕርያቱ በመጨረሻው መስመር ላይ የሚያውቁት በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚያውቁትን ያህል ብቻ ከሆነ፣ ምልልሱ ምንም ያህል ረቂቅ ቢመስል ቆሟል ማለት ነው። ግማሹን ብትቆርጡት አንባቢ አይጎድልበትም።

አስካለ በመላው ትዕይንት ወንድሟን በስሙ አልጠራችውም። ይህ የሚሠራው አንባቢው በቀደሙት ገጾች «ቢኒዬ» ስትለው ከሰማ ብቻ ነው። እሱ በበኩሉ «እትዬ» ማለቱን አላቋረጠም። በእኛ ንግግር አጠራር ብዙ ይናገራል። ባልና ሚስት ሲኳረፉ በስም መጠራራት ሲጀምሩ፣ ወይም «አንተ» ሲባባሉ የኖሩ ጓደኛሞች አንዱ በድንገት «እርስዎ» ሲል፣ ጸሐፊው «በቅዝቃዜ ተናገረ» ብሎ መጻፍ አያስፈልገውም። ነገር ግን ለውጡ እንዲታይ መጀመሪያ የተለመደው መታየት አለበት። አንባቢን ቀድሞ ማሳወቅ ያልኩት ነገር እስከ ስም አጠራር ድረስ ይወርዳል።

«በቅሬታ»፣ «በሐዘን»፣ «እንባዋን እየዋጠች» የሚሉት ተጨማሪዎች በዚህ ዓይነቱ ትዕይንት ውስጥ ከሌላ ቦታ ይበልጥ ጎጂ ናቸው። ገጸ ባሕርይዋ ለመደበቅ ስትደክም ጸሐፊው ከኋላዋ ቆሞ ለአንባቢው በሹክሹክታ ያሳብቅባታል። ሁለተኛውን ረቂቅ ስጽፍ አንድ ፈተና ገጥሞኝ ነበር ማለት ይቻላል፤ በርበሬ ዓይን ያቃጥላል። አስካለ አልቅሳ «በርበሬው ነው» ብትልስ? ይህ ሐሳብ የትኛውም ጸሐፊ በርበሬ እንዳየ የሚመጣበት ነው። ቀላል ስለሆነ ደስ ይላል፤ ግን እንባው ከታየ መደበቁ አበቃ። የሽንኩርትና የጭስ እንባም በዚሁ ይታለፍ።

የተገላቢጦሹ ጥፋትም አለ፤ ከሁሉ በላይ የሚከብደውም እሱ ነው። ጸሐፊው ነገሩን ከልክ በላይ ደብቆት አንባቢው ጭራሽ አያገኘውም። ጸሐፊው ደግሞ የሚያውቀውን ስለሚያውቅ ጉድለቱ አይታየውም። ይህን የሚያስታምም መድኃኒት ምልልሱ ውስጥ አንድ ግልጽ መስመር መጨመር ይመስላል፤ አይደለም። አስካለ «ሰምቻለሁ እኮ» ብትል ነገሩ ይገባናል፤ ትዕይንቱ ግን ይሞታል። መጨመር ያለበት ከትዕይንቱ በፊት ነው። ጎረቤቷ ወሬውን ስታደርስ የነበረው ትዕይንት ላይ አንድ ዝርዝር ይታከላል፤ ለምሳሌ ወሬውን ከሰማች በኋላ አስካለ ገበያ ወጥታ የገዛችው በርበሬ።

ሌላም መንገድ አለ፤ እሱ ግን አስቸጋሪ ነው። አሜሪካዊው ኧርነስት ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው «ሂልስ ላይክ ኋይት ኤለፋንትስ» በተሰኘ አጭር ልቦለድ ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ወጣት ስፔን ውስጥ፣ ኤብሮ ሸለቆ ላይ ባለ ጣቢያ ተቀምጠው ባቡር ይጠብቃሉ። ባቡሩ ሊደርስ 40 ደቂቃ ቀርቶታል። እያወሩ ያሉት ስለ ፅንስ ማቋረጥ ነው፤ ቃሉ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይጠራም። ከወሬው በፊትም የተነገረን ነገር የለም። ታዲያ እንዴት ይገባናል? ሰውየው ወሬውን ወደዚያው ነገር ደጋግሞ ይመልሰዋል። ቀላል እንደሆነ፣ ካልፈለገች እንደማያስገድዳት እየደጋገመ ይነግራታል፤ ድግግሞሹ ራሱ ግፊቱን ያሳብቃል። አንባቢው የሚያውቀው ከተጫነበት ክብደት ነው። ይህን የመረጠ ጸሐፊ ግን አንደኛው ገጸ ባሕርይ ነገሩን መተው እንዳይችል አድርጎ መሥራት አለበት። ሁለቱም ዝምተኞች ከሆኑ አንባቢው የሚይዘው ክር አያገኝም። በአስካለና በቢኒያም ትዕይንት ሁለቱም ስለሚሸሹ የቼኾቭ መንገድ ይሻላቸዋል።

ሁለቱ እኩል መደበቅ የለባቸውም የሚለው ነገር ከዚህ ጋር ይሄዳል። አስካለ በደንብ ትደብቃለች፤ ቢኒያም ክፉኛ ይደብቃል። ምላሱ ያዳልጠዋል፣ ዛላውን ያለ ቦታው ይጥላል፣ ያልተነሣ ስም ያነሣል። ሁለቱም እንደ አስካለ ቢሆኑ ኖሮ ሃያ ኪሎው ተቀንጥሶ እስኪያልቅ አንድም ነገር አይከሰትም ነበር። ልምምድ ላይ ተዋንያን ይህን ከጸሐፊው ይልቅ ቶሎ ያዩታል፤ «እኔ እዚህ ምን ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቅ ተዋናይ ብዙ ጊዜ የጎደለውን የሚነግራችሁ ተዋናይ ነው።

ትዕይንቱ የሚቀርብበት መድረክም ይለያያል። ለመድረክና ለፊልም ሲጻፍ የእጅ ሥራው ይታያልና መስመሮቹን እስከ ግማሽ መቀነስ ይቻላል። ለሬዲዮ ሲጻፍ ግን ቅንጠሳ ድምፅ የለውም። አስካለን ሙቀጫ ማስያዝ ይሻላል፤ ዘነዘናው የሚወርድበት ልክ ሲፈጥንና ሲዘገይ አድማጩ ይሰማል፤ ቆም ሲልም ዝምታው ይሰማል። ዝምታን በጽሑፍ ማሳየት ከሁሉ ይከብዳል። ሦስት ነጥብ መደርደር አያዋጣም። በሁለቱ ንግግር መሐል የሚሠራ ትንሽ ሥራ ማስገባት ይሻላል፤ «አንድ ዛላ፣ ሌላ ዛላ» የሚለው መስመር የገባው ለዚህ ነው።

የሰላምታው ጉዳይ ያከራክራል። ሰላምታችን ረጅም ነው፤ መደበቂያም ይሆናል። ሰው «ደህና ነን፣ ይመስገን» እያለ ከማንኛውም ጥያቄ ማምለጥ ይችላል። እኔ ግን ከሁለት መስመር በላይ እንዲያልፍ አልመክርም። አንባቢ ሰላምታን ሳያነብ ስለሚያልፍ እዚያ ውስጥ የተደበቀ ነገር እንደተደበቀ ይቀራል። «እንዴት ዋልሽ» ለሚለው አስካለ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ወዲያው ወደ በርጩማው ዞረች፤ እሱን አልጠየቀችውም። «እንዴት ዋልክ» አለማለቷን ያስተዋለ አንባቢ ካለ ጥሩ ነው፤ ያላስተዋለውም አይጎዳም።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ገጹን ለሁለት የተለያዩ ሰዎች መስጠት ነው። አንደኛው የቀደመውን ክፍል ያነበበ፣ ሁለተኛው ያላነበበ ይሁን። «ወደድከው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይነግርም። የሚጠየቀው «አስካለ ከወንድሟ ምን ትፈልግ ነበር?» የሚለው ነው። ያላነበበው «ስለ በርበሬ ነው የሚያወሩት፤ ግን አንድ ነገር ያለባቸው ይመስላል» ካለ ደህና ነው። የቀደመውን ያነበበው ደግሞ «እሱ ራሱ እንዲነግራት» ካለ ትዕይንቱ ቆሟል። እሱም «ስለ በርበሬ ነው» ካለ ወደ ቀደመው ክፍል ተመልሳችሁ የጎረቤቷን ትዕይንት እንደገና ጻፉት፤ ምልልሱን ለጊዜው አትንኩት። ሁለቱም «ተቀይማዋለች፣ ሠርጉን ስላልነገራት» ብለው ከመለሱ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ ራሳችሁ ተናግራችኋል። ቦታውን ለማግኘት እስክሪብቶ ይዛችሁ የአስካለን መስመሮች ብቻ ለይታችሁ አንብቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው እናንተ ስትጽፉት በጣም በወደዳችሁት መስመር ላይ ነው።